የቁልፍ ርክክብ ቀን፦ ከሦስተኛ ፎቅ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማታ

ውሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ በወር 14,000 ብር። ተከራዮቹ አምስት ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የሚስቲቱ እናት። ቁልፉን የማስረክበው ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ለ18 ዓመታት ስሠራ ከመጋዘን አንድ ወንበር እንኳ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት ወጥቶ አያውቅም፤ የገባውም ሁሉ በሞዴል 19 ገብቷል። የሰው ንብረት ሳስረክብ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የገዛ ቤቴን ለማስረከብ ግን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ የምሠራውን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ያስፈራኝ ዋናው ነገር የውሉ ዘመን ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ኪራይ መጨመርም የሚቻለው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ቁልፍ የምሰጠው ሰው «አልተስማማንም» ተባብለን በወሩ የምለያየው ሰው አይደለም። ደላላው ይህን ሲሰማ ሳቀና የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ እንድጠይቅ መከረኝ። አዋጁ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ እኔም ራሴ ተከራይ ሳለሁ የስድስት ወር ተጠይቄ ወርቄን የሸጥሁበትን ቀን አልረሳሁም። የሁለት ወር 28,000 ብር በባንክ ተላልፎልኛል፤ ደረሰኙንም ከውሉ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ።

ቤቱ በ20/80 መርሐ ግብር በዕጣ የደረሰኝ ነው። እኔ የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ የታመመች እናቴን እያስታመምሁ ስለሆነ ልገባበት አልቻልሁም። ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍልልኛል፤ ከዚያ የሚተርፈው ለመድኃኒት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከሥራ በቀጥታ ወደ አባዶ ሄጄ የበሩን ሲሊንደር ቀየርሁ። የቀየርሁት ስለተበላሸ አይደለም፤ ስንት ቁልፍ በሰው እጅ እንዳለ ስለማላውቅ ነው። ሴራሚክ ያነጠፈው ባለሙያ አንድ ቁልፍ ወስዶ ነበር፤ ቀለም ቀቢው ሌላ፤ ደላላው ቤቱን ለማሳየት ሌላ። ሦስቱም መልሰዋል፤ ነገር ግን መልሰው የሰጡኝ ቁልፍ አስቀርጸው ያስቀሩት እንደሌለ የሚያረጋግጥልኝ ነገር የለም። የቁልፍ ቁጥሩ ያልታወቀ በር ለሌላ ሰው ማስረከብ፣ ቆጠራው ያልተዘጋ መጋዘን እንደ ማስረከብ ነው።

ሥራው ባለሙያ አያስጠራም። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከመወርወሪያው በታች ያለውን ረጅም ብሎን በመፍቻ ማውጣት፣ ከዚያ ቁልፉን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቶ በጥቂቱ ማዞር፣ በመካከሉ ያለችው ምላስ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ስትስተካከል መሳብ ነው። ምላሷ በአንዱ ጎን ወጣ ብላ እስካለች ድረስ ቢጎትቱትም አይወጣም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ዝጎ የተጣበቀ መስሎኝ ስታገል ቆየሁ። የወጣውን ይዤ ታች ወዳለው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ወረድሁና ርዝመቱን አለካክቼ ገዛሁ። መለካት ያለበት ጠቅላላ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ከብሎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለው እያንዳንዱ ወገን ነው፤ ወደ ውጭ አልፎ የሚወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ በቀላሉ ይሰበራልና።

አዲሱ ሲሊንደር በታሸገ ከረጢት ውስጥ አምስት ቁልፍ ይዞ መጣ። ከረጢቱን አልከፈትሁትም ለማለት እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ለመሞከር አንዱን ማውጣት ነበረብኝ። ያንን አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ከመሄዴ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ አራቱን ግድግዳ፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቶቹን። 61 ፎቶ ሆነ። ነገ ከተፈራረምን በኋላ ሁሉንም በቴሌግራም ለአባወራው እልክለታለሁ፤ እኔ ዘንድ ብቻ ያለ ፎቶ ለክርክር እንጂ ለመግባባት አይረዳም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ደርሻለሁ። ተከራዮቹን የቀጠርኋቸው ለ4 ሰዓት ነው። ቅዳሜን የመረጥሁበት አንዱ ምክንያት በፈረቃው መሠረት ውኃ የሚመጣበት ቀን በመሆኑ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ከሌለ የቧንቧ መፍሰስ አይታወቅምና።

የሁሉም ቤት የውኃ ቆጣሪ ታች፣ ከደረጃው ሥር ነው። የእኔን ጠራርጌ አየሁት፤ 00417 ይላል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ ስለወረድሁ መንቀሳቀስ የነበረበት ነገር የለም። ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለችው ቀይ ኮከብ ግን ትዞራለች። በጣም በዝግታ፤ ዓይንን ለአፍታ ነቅሎ ተመልሶ ላየ ሰው ካልሆነ በቀር የቆመች ትመስላለች።

ከጠዋቱ 1፡40

መጀመሪያ የጠረጠርሁት በረንዳው ላይ ያለውን ሮቶ ነበር። ሮቶው እየሞላ ከሆነ ቆጣሪው ቢዞር ትክክል ነው፤ ፍሳሽ አይባልም። ስለዚህ ወጥቼ የሮቶውን መግቢያ ዘጋሁና ወረድሁ። ኮከቧ አልቆመችም። እንደገና ወጥቼ ከመጸዳጃ ቤቱ ታንክ ሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ዘጋሁና ወረድሁ። ቆመች።

ሦስት ፎቅ ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረድ ለጉልበቴ ከባድ ቢሆንም ነገሩን በግምት ከመፈለግ አሳርፎኛል። አንድ በአንድ ከተዘጋ፣ ኮከቧ የምትቆምበት ቦታ በሽታው ያለበት ቦታ ነው። ለማረጋገጥ ከፔርሙሴ ጥቁር ሻይ መጸዳጃ ታንኩ ውስጥ ቀዳሁበት። ማፍሰሻውን ሳልነካ 10 ደቂቃ ያህል ስጠብቅ በነጩ መቀመጫ ላይ ቡናማ መሥመር ቀስ እያለ ወረደ። ታንኩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ውኃውን መያዝ ተስኖታል።

ይህን ባላገኘው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሰብሁ። በወሩ መጨረሻ ቢሉ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ እነርሱ «አምስት ሰው እንዲህ አይጠቀምም» ይላሉ፤ እኔ «ልጆቹ ቧንቧ ክፍት ትተው ይሆናል» እላለሁ። ሁላችንም በቅን ልብ፣ ሁላችንም ተሳስተን።

ከጠዋቱ 2፡30

ጎሚኒው ተቀየረ። መዝጊያዋን ከፍቼ ወረድሁ፤ ኮከቧ ቆማለች። ንባቡ አሁንም 00417 ነው፤ ቆጣሪውን በፎቶ ያዝሁት።

ወደ ኤሌክትሪኩ አለፍሁ። ቆጣሪው ባለካርድ ነው፤ የቀረው 63 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ካርዱ ለዚህ ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ቁልፍ ተቆጥሮ በርክክብ ወረቀቱ ላይ መግባት አለበት፤ ከጠፋ የሚመላለሱት እነርሱ ናቸው። የቀረውን 63 በስጦታ ልተውላቸው ወሰንሁ። ለመጀመሪያው ማታ መብራት የሌለው ቤት ማስረከብ አልፈለግሁም።

ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሡት መስመሮች አራት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ለምጣድ ብቻ የተዘረጋ ነው። ፊኒሺንግ ሳሠራ ኤሌክትሪሺያኑ ገንዘብ ለመቆጠብ ምጣዱን ከወጥ ቤቱ ሶኬቶች ጋር እንድናገናኘው አሳስቦኝ ነበር፤ እናቴ ናት ያስቆመችን፤ እርሷ በምጣድ ምክንያት የቀለጠ ሶኬት አይታለች። ሒሳቡም ቀላል ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የወጥ ቤቱ ሶኬቶች ብሬከር ራሱ 16 አምፔር ስለሆነ ምጣዱ ብቻውን ይሞላዋል። ስለዚህ ለምጣዱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከሳጥኑ በቀጥታ ተስቦ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ተደረገለት። ሶኬቱ ከወጥ ቤቱ በር በስተግራ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነው።

ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን ምጣድ ሰክቼ 10 ደቂቃ አጋልሁት። ብሬከሩ አልወረደም፤ ሶኬቱን በመዳፌ ስነካው ለብ እንኳ አላለም። ደህና ነው ብዬ ምልክት አደረግሁበት።

ከጠዋቱ 3፡10

አይሱዙው መጣ። ከቀጠሯችን 50 ደቂቃ ቀድሞ! መስኮት ላይ ሆኜ ሳየው አፌ ደረቀ። የርክክብ ወረቀቱ ገና 14 ተራ ቁጥር ያለው ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ዕቅዴ ባዶውን ቤት አብረን ዞረን፣ ያየነውን ጽፈን፣ ተፈራርመን፣ ዕቃው ከዚያ በኋላ እንዲገባ ነበር።

ከጠዋቱ 3፡50

ዕቅዴ ከሸፈ። ታች የሠፈሩ ጫኝና አውራጆች መኪናውን ከበው የማውረጃ ዋጋ ሲያስሉ፣ ሾፌሩ ሌላ ጭነት አለብኝ እያለ ሲጮህ፣ አባወራው በመካከል ላብ በላብ ሆኖ ቆሞ አየሁት። «ቆይ፣ ዕቃው አይግባ፣ መጀመሪያ ወረቀት» ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ትክክለኛው ነገር እርሱ እንደነበር አውቃለሁ፤ ዕቃ ሳይገባ መጋዘኑ ይቆጠራል። ነገር ግን አሮጊቷ እማማ አንድ እጃቸውን በደረጃው ብረት ላይ፣ ሌላውን በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳርፈው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው በሬ ላይ ቆመው ነበር። «ግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» አልሁና የራሴን በርጩማ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ፍራሹም ድስቱም ተከታትሎ ገባ።

እማማ ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ነገር «የምጣዱ ሶኬት የቱ ነው ልጄ?» የሚል ነው። በጣቴ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ሰዓት ወንዶቹ ቁም ሳጥኑን በወጥ ቤቱ በር እያዞሩ ስለነበር፣ ያሳየኋቸውን ሌላ ሰው አይቶት እንደሆነ አላስተዋልሁም።

ከጠዋቱ 4፡45

ዕቃው ተጠናቅቆ ገባ። ከአባወራው ጋር ወረቀቱን ይዘን መዞር ጀመርን። እርሱ እያንዳንዱን መስኮት ይከፍትና ይዘጋል፣ እኔ እጽፋለሁ። የልጆቹ መኝታ ክፍል ስንደርስ ከበሩ አጠገብ ያለው ሴራሚክ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከላዩ ላይ የብረት አልጋው እግር ቆሟል።

ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ይህን ስንጥቅ ከዚህ በፊት ማየቴን አላስታወስሁም፤ አልጋውን ደግሞ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የትልቋ ልጅ አጎት በአንድ ወገን ሲለቀው ድምፁን ሰምቻለሁ። ልናገር ስል አባወራው ቀደመኝና «እትዬ፣ እኛ ከሆንን እናስነጥፋለን፤ ብቻ እርግጠኛ ይሁኑ» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያ ነው የባሰብኝ። ሁለት ዓመት አብሮኝ የሚኖር ቅሬታ በዚህ አንድ ሴራሚክ ላይ ሊጀመር ነው።

ስልኬን አውጥቼ የትናንቱን ፎቶ ፈለግሁ። ከ61ዱ 38ኛው ላይ የዚያ ክፍል ወለል አለ። በጣቶቼ አሰፋሁት። ስንጥቁ እዚያው ነው፤ እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ሴራሚኩ ሲነጠፍ ሥሩ በሲሚንቶ አልሞላ ኖሮ ባዶ ቀርቷል፤ በሳንቲም ቀስ ብዬ ስመታው ከጎረቤቶቹ የተለየ፣ የባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠኝ። እኔ ፎቶ ሳነሣ አይቼዋለሁ፣ ግን አላየሁትም።

ስልኩን ለአባወራው ሰጠሁትና «የእኔ ነው» አልሁት። ተራ ቁጥር 9 ላይ «አንድ ሴራሚክ ከርክክብ በፊት የተሰነጠቀ፣ ሥሩ ባዶ፤ አከራይ ታስጠግናለች» ብዬ ጻፍሁ። አጎትዬውን በልቤ ስለከሰስሁት ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም፤ እርሱ ግን የሆነውን ሳያውቅ አልጋውን አንሥቶ ሌላ ቦታ አደረገልን።

ከቀኑ 5፡30

ቁልፍ። ተራ ቁጥር 13 እና 14። የደረጃው ብረት በር ቁልፍ፣ ሁለት። የቤቱ በር ቁልፍ፣ ...

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ከረጢቱ ውስጥ አራት አለ፤ አምስተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትናንት ስከተው «ለድንገተኛ ነገር» ብዬ ነበር፤ እነርሱ በሌሉበት ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ታች ያለው ጎረቤት ቢደውልልኝ ምን እሆናለሁ? ምክንያቱ እውነት ነው። ግን ተከራይ ሳለሁ አንዲት አከራዬ እኔ ሥራ በዋልሁበት ክፍሌን ከፍታ እየገባች የምታይ ነበረች። ምንም አላነሣችም። አንድ ቀን ማታ ስመለስ መጋረጃዬ በሌላ ወገን ተሰብስቦ አገኘሁት፤ ከዚያ ቀን በኋላ እስክወጣ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ልብሴን ስቀይር እንኳ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አላውቅም።

ሚስትየዋ «ስንት ነው እኅቴ?» አለችኝ።

«አምስት» አልሁ፤ ከቦርሳዬም አውጥቼ ከአራቱ አጠገብ አስቀመጥሁት። «አንዱን ላስቀረው አስቤ ነበር። ውኃ ቢፈስ ብዬ።»

አባወራው መልስ ሳይሰጥ ሚስቱን ተመለከተ። እርሷም ትንሽ አሰበችና «ውኃውስ እውነት ነው፤ እኛም አገር ቤት ስንሄድ ቤቱ ብቻውን ነው» አለች። ቀጥላም ከልጆቹ የደብተር ካርቶን ውስጥ አንድ ቡናማ ፖስታ አወጣችና ቁልፉን ከታ፣ አፉን በምራቋ አጣበቀችው። «እርስዎ ይያዙት። እኛ መጋጠሚያው ላይ እንፈርማለን፣ እርስዎም ይፈርሙ። የተከፈተ ቀን ይታወቃል።»

ያን ሁሉ ዓመት ካዝና ሳሽግ የኖርሁት እኔ ይህን አላሰብሁትም! ሦስታችን በመጋጠሚያው ላይ ፈረምን፤ ፊርማው ግማሹ በክዳኑ ላይ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርገን። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ የበር ቁልፍ ጠቅላላ አምስት፤ በተከራይ እጅ አራት፤ በታሸገ ፖስታ በአከራይ እጅ አንድ፤ ፖስታው የሚከፈተው አስቀድሞ በስልክ ተነጋግሮ ነው። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለእነርሱ፣ አንዱ ለእኔ። ፎቶዎቹንም በቴሌግራም ላክሁ።

ከቀኑ 6፡20

ስወጣ በሩን ከውጭ ልቆልፈው እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ከኋላዬ ግን ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ዞረ።

ከምሽቱ 1፡15፣ ሽሮ ሜዳ

እናቴን እራት እያበላሁ ስልክ ጮኸ። አባወራው ነው። ወጥ ቤቱ ጠፍቷል፤ ሳሎንና መኝታ ክፍሎቹ ግን ይሠራሉ። ልቤ ዱብ አለ። በመጀመሪያው ማታ!

መጀመሪያ «ምን ምን ሰክታችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ምጣድና ምድጃ። እማማ ለአዲሱ ቤት እንጀራ ካልጋገርሁ ብለው ነው፤ ወጡ በምድጃው ላይ ነው። ሁለት እንጀራ ወጥቶ ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ምጣዱን የሰካችሁት የት ነው? ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶኬት፣ በማከፋፈያ። በስተግራ ያለውስ? ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም ሚስትየዋ ከሩቅ ስትናገር ሰማሁ፤ «እሱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው እኮ።»

ለካ እማማ አይተውታል፤ ቁም ሳጥኑን ያቆሙት ሰዎች ግን አላዩትም። እኔ ደግሞ ምጣዱን በትክክለኛው ሶኬት ሞክሬ ደህና ነው ብዬ ስጽፍ፣ ከሦስቱ የወጥ ቤት ሶኬቶች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ በላዩ ላይ አንድ ቃል አልጻፍሁም። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው።

የምጣዱ 16 አምፔር ላይ የምድጃው 9 ሲደመር 25 ይሆናል፤ ባለ 16ቱ ብሬከር ይህን ያህል ወዲያው አይቆርጥም፤ ውስጡ እስኪግል ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ሁለት እንጀራ የወጣው በዚያ ትዕግሥት ነው። ሁሉንም እንዲነቅሉ፣ ማከፋፈያውን እንዲዳስሱ ነገርኋቸው። «ይፋጃል» አለ። ከዚያ በኋላ በእርሱ እንዳይጠቀሙ፣ ሶኬቱም ላይ የተቃጠለ ሽታ ወይም የጠቆረ ነገር ካለ ጨርሶ እንዳይነኩት አልሁ። ሽታ የለም፣ ጥቁረት የለም። ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ታች የወረደውን ብሬከር፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ታች አውርዶ ከዚያ ወደ ላይ እንዲያነሣው ነገርሁት፤ ግማሽ ላይ የቆመ ብሬከር በቀጥታ ወደ ላይ ሲገፉት አይይዝምና።

ቀጭ የሚል ድምፅ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። ከዚያም ልጆቹ ጮኹ።

ቁም ሳጥኑን አጎትዬው ገና አልሄደም ነበርና ዛሬውኑ እንደሚያነሡት አባወራው ቃል ገባ። እናቴ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኋት። «ምጣዱን ለብቻ አድርጉ አላልሁም?» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ግን ሌላ ጉርሻ ተቀበለችኝ።

ፖስታው መሳቢያ ውስጥ፣ ከውሉ ሥር ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ወረዳ

ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ሳንዘገይ አባወራውና እኔ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተገናኘን። ወረፋው ረጅም ነው። የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃ፣ የሁለታችንን መታወቂያና የውሉን ቅጂዎች ይዘናል።

ተራችንን እየጠበቅን ሳለ አባወራው ከኪሱ የእርሱን የርክክብ ወረቀት ቅጂ አወጣ። ከ14ኛው ተራ በታች በራሱ እጅ ጽሑፍ 15ኛ ጨምሮበታል፦ «የምጣድ ሶኬት፤ በስተግራ ያለው ብቻ። ቁም ሳጥኑ ተነሥቷል። በሶኬቱ ላይ በማርከር ተጽፏል።»

«የእርስዎም ቅጂ ላይ ይግባ ብዬ ነው» አለኝ፤ ብዕሩንም ሰጠኝ። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቃል በቃል ገለበጥሁት፤ ከጎኑም ፈረምሁ።